አንድ ሳህን ዶሮ ወጥ ስንት ይፈጃል?

ባለፈው ነሐሴ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት የ80 ሰው ዶሮ ወጥ ሊያዝ አክስቴ ጋ ሄደ። አክስቴ አውሮራ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ብዙም የማይርቅ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። በሳህን 12 ዶላር ብላ ጀመረች፤ እሱም "ተማሪዎች እኮ ነን" አለ፤ በ10 ዶላር ተስማሙ። ማታ ዕቃ እያጠብኩ "አያከስርሽም?" ብዬ ጠየቅኳት። "ኧረ የኔ ልጅ፣ አንዱ ሳህን ቢበዛ ሦስት ዶላር ተኩል ነው የሚፈጀው" አለችኝና ጀርባው ላይ ሒሳብ የተጻፈበት ደረሰኝ አሳየችኝ። ድምሩ 3.56 ዶላር ይላል። እንግዲህ ከእያንዳንዱ ሳህን 6.44 ይተርፋታል ማለት ነው፤ በ80 ሲባዛ ጥሩ ገንዘብ ነው።

እኔ ነርሲንግ ነው የምማረው። ሒሳብ ላይ እዚህ ግባ የምባል አይደለሁም፤ ግን የመድኃኒት መጠን ስሌት ያለማቋረጥ ስለምንፈተን አንድ ነገር በራሴ ውስጥ ተቀርጿል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ሁሉ በሽተኛው ጋ አይደርስም፤ ጥቂቱ በቱቦው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የምንጠይቀው "ምን ያህል ተሰቀለ?" ብቻ ሳይሆን "ምን ያህል ገባ?" ነው። የአክስቴን ደረሰኝ ሳይ የታየኝ ይኸው ነው። እሷ ያሰላችው የገዛችውን ነው፤ እንግዳው ፊት የሚቀርበውን አይደለም። በሚቀጥለው ዓርብ ሚዛን፣ የመለኪያ ማንቆርቆሪያና ደብተር ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች በ2025 ነሐሴ ከእሷ ደረሰኞች ላይ የገለበጥኳቸው ናቸው። የእናንተ ወይም የቤተሰባችሁ ቤት ዋጋ ይለያል፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ የሚለየው ነገር ይህ ነው፤ ሳህኑ ላይ በቁጥር የሚቀርብ አለ፣ በጭልፋ የሚቀርብ አለ። ዶሮው፣ እንቁላሉና እንጀራው ይቆጠራሉ። ቁሌቱ ይጨለፋል። ሁለቱ የሚሰሉበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ሲደባለቁ ስሕተት ይመጣል።

ከዶሮው እንጀምር። እዚህ ያሉት ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ እንደ እናቶቻችን ሙሉ ዶሮ ገዝተው 12 ብልት አያወጡም። የአክስቴ ቤት የሚገዛው እግር ከነታፋው በ40 ፓውንድ ካርቶን ታሽጎ የሚመጣውን ነው። (ፈረሰኛ የሚጠይቅ ሽማግሌ ሲመጣ ሁላችንም እንሸሻለን።) ካርቶኑ 44.80 ዶላር ነው። አክስቴ "ፓውንዱ 1.12 ነው፣ ለአንድ ሰው ግማሽ ፓውንድ ሥጋ ይበቃል፣ ስለዚህ 56 ሳንቲም" ብላ ጽፋለች። ችግሩ ማንም እንግዳ ግማሽ ፓውንድ ሥጋ ተመዝኖ አለመቅረቡ ነው። የሚቀርብለት አንድ ታፋና አንድ ቅልጥም፣ ማለትም አንድ ሙሉ እግር ነው። ካርቶኑን ከፍተን ስንቆጥር 47 እግር አገኘን፤ አንዱ አጥንቱ ተሰባብሮ ስለነበር ለእንግዳ አይሆንም። 44.80 ለ46 ሲካፈል 97 ሳንቲም ይመጣል። ቆዳው ተገፎ፣ ስቡ ተጠርጎ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ክብደቱ ቢቀንስም ይህ ቁጥር አይለወጥም፤ ምክንያቱም የምንሸጠው ክብደት ሳይሆን እግር ነው። በቁጥር ለሚቀርብ ነገር ሒሳቡ ይኸው ነው፤ የካርቶኑ ዋጋ ሳህን ላይ ለመቅረብ በሚበቃው ቁጥር ይካፈላል። በነገራችን ላይ ካርቶን ከካርቶን ይለያያል። እግሮቹ ተለቅ ያሉ ሲሆኑ 42 ብቻ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዋጋው ሳይጨምር አንዱ እግር 1.07 ይሆናል። ስለዚህ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩንም ደረሰኙ ላይ መጻፍ ይጠቅማል።

እንቁላልም እንደዚሁ ነው። 180 እንቁላል የያዘው ካርቶን 51 ዶላር ነው፤ አንዱ ከ28 ሳንቲም ትንሽ ይበልጣል። ለ46 ሳህን 48 ቀቀልን፤ ሁለቱ ሲላጡ ተቦጨቁ። የ48ቱ ዋጋ 13.60 ለ46 ሲካፈል 30 ሳንቲም ነው። እዚህ ከፍታው ስለሚበዛ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በሌላ ከተማ የለመድነውን ደቂቃ ቆጥረን ካወጣነው አስኳሉ ሳይበስል ይቀራል፤ ሲላጥም ይፈርሳል። ኮሎራዶ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሸጠው እንቁላል በጠባብ ጎጆ ካልታጎሩ ዶሮዎች የተገኘ መሆን አለበት፤ በዚያው ሰሞን የወፍ ጉንፋን በመላው አገሪቱ ዋጋውን ሰቅሎት ነበር። የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለማርች 2025 የመዘገበው የአሜሪካ አማካይ የችርቻሮ ዋጋ ለአንድ ደርዘን 6.23 ዶላር ነው። በዚያ ዋጋ ቢገዛ የአክስቴ የሳህን እንቁላል 54 ሳንቲም ይሆን ነበር፤ በአንድ ድስት ላይ የ11 ዶላር ልዩነት ማለት ነው። ዶሮ ወጥ ያለ እንቁላል ማቅረብ ደግሞ የሚሞከር አይደለም።

አሁን ወደ ቁሌቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ።

ወጥ የሚሠሩት እናት፣ እማማ ነው የምንላቸው፣ ለ46 እግር 30 ፓውንድ የተላጠና የተከተፈ ሽንኩርት ያቁላላሉ። አክስቴ 30ን በፓውንድ ዋጋው በ47 ሳንቲም አባዝታ 14.10 ጽፋለች (50 ፓውንዱ ጆንያ 23.50 ነው)። ነገር ግን 30 ፓውንድ የተላጠ ሽንኩርት ለማግኘት ከጆንያው የወጣውን ስመዝን 34 ፓውንድ ነበር፤ አራት ፓውንዱ ቆዳ፣ ሥርና የተበላሸ ነው። የተከፈለው ለ34ቱ ስለሆነ ወጪው 15.98 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ አክስቴም "ለሁለት ዶላር ነው እንዴ ሚዛን ይዘሽ የመጣሽው?" አለችኝ።

ቅቤው ላይ ግን ዝም አለች። 36 ፓውንድ ጨው የሌለው ቅቤ በ115.20 ትገዛለች፤ ፓውንዱ 3.20 መሆኑ ነው። ለድስቱ 3 ፓውንድ ንጥር ቅቤ ስለሚገባ 9.60 ብላ ጽፋለች። በአሜሪካ ሕግ ቅቤ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ቢያንስ 80 በመቶ ስብ ሊኖረው ይገባል፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ሲሆን ጥቂት የወተት ቅሪትም አለበት። ሲነጠር ውሃው ይተናል፣ ቅሪቱ ይዘቅጣል፣ ከማጣሪያውና ከድስቱ ግድግዳ ላይም የሚቀር አለ። እማማ 10 ፓውንድ ሲያነጥሩ ጠብቄ የተጣራውን መዘንኩ፤ 7 ፓውንድ ከሦስት አራተኛ ሆነ። ከገባው 77.5 በመቶ ተረፈ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው ስሌት አጭር ነው፤

የእውነተኛ ዋጋ = የግዢ ዋጋ ÷ የተረፈው ድርሻ
4.13 = 3.20 ÷ 0.775

እንግዲህ ንጥሩ ቅቤ በፓውንድ 4.13 ነው። የኮረሪማው፣ የኮሰረቱና የእርዱ 3.60 ዶላር ለ10ሩ ፓውንድ ሲጨመርበት 4.59 ይሆናል፤ ሦስቱ ፓውንድ 13.78 መጣ። አክስቴ የጻፈችው 9.60 ነበር። እዚህ ላይ አንድ መፈተኛ አለ፤ ከአሜሪካ ቅቤ "ከ10 ፓውንድ 9 ፓውንድ አወጣሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ውሃው ገና አልወጣም፣ ወይ ሚዛኑ ተሳስቷል። ውሃው ያልወጣ ንጥር ደግሞ ቶሎ ይበላሻል።

በርበሬው በደረሰኙ ላይ ጭራሽ የለም። ለምን ብዬ ስጠይቃት "እሱማ ከአገር ቤት ነው የመጣልኝ፣ አልገዛሁትም" አለችኝ። እውነት ነው፤ እህቷ በሻንጣ ነው ያመጣችላት። ነገር ግን ያ በርበሬ ሲያልቅ እዚሁ አውሮራ ከሐበሻ ሱቅ በፓውንድ 9 ዶላር መግዛቷ አይቀርም፤ በየዓመቱም የሚያልቀው ፋሲካ ሳይደርስ ነው። ዋጋ የምናወጣው ለዛሬው ድስት ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለውም ስለሆነ፣ በስጦታ የመጣ ነገር የሚጻፈው ለመተካት በሚያስፈልገው ዋጋ ነው። በድስቱ 3 ፓውንድ ይገባል፤ 27 ዶላር ሆነ። ነፃ ነው የተባለው በርበሬ የቁሌቱ ትልቁ ወጪ ሆኖ ተገኘ፤ ከሽንኩርቱም ከቅቤውም ይበልጣል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ዘይት፣ ሎሚ፣ ጨውና መከለሻ አንድ ላይ 14.20 ናቸው፤ እነሱን አክስቴ በትክክል ይዛቸው ስለነበር አልዘረዝራቸውም።

የድስቱ ቁሌት እንግዲህ 15.98፣ 27፣ 13.78 እና 14.20 ሲደመር 70.96 ዶላር ነው። ለ46 እናካፍለው? አክስቴ ያደረገችው እሱን ነው፤ እኔም መጀመሪያ ያንኑ ላደርግ ነበር። ነገር ግን ቁሌት በእግር ቁጥር አይከፋፈልም፤ በጭልፋ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ ድስቱ ውስጥ ስንት ጭልፋ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚበቃው የእማማ ማማሰያ ነው። ባዶውን ድስት አስቀምጠን ውሃ በኳርት እየለካን ጨመርንበት፤ በየአንዳንዱ ኳርት ማማሰያውን ቀጥ አድርገን እያቆምን ውሃው የደረሰበትን በቢላ ምልክት አደረግንበት። አንዴ ከተደረገ ለዚያ ድስት ሁልጊዜ ይሠራል። ወጡ ደርሶ እሳቱ ከወጣ በኋላ ብልቱንና እንቁላሉን በትሪ ላይ አውጥተን ማማሰያውን ነከርን። ብልቱ ውስጥ እያለ ቢለካ ወጡን ወደ ላይ ስለሚገፋው ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ዶሮው ሳይገባ ቢለካም ትክክል አይሆንም፤ ዶሮው ሲበስል የራሱን ውሃ ይለቃል፣ ወጡም እየተንተከተከ ይወፍራል። ያገኘነው 9 ኳርት ነው። አንድ ኳርት 32 አውንስ ስለሆነ 288 አውንስ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ለክፍል ጓደኞቼም ይሁን፤ ይህ የፈሳሽ አውንስ ነው፤ እኛ በሆስፒታል 30 ሚሊ ሊትር የምንለው። በርበሬ የምንመዝንበት አውንስ የክብደት ነው። ሁለቱን በአንድ ስሌት ውስጥ ማጋጨት እንደ ወፍራም ቁሌት ባለ ነገር ላይ ቁጥሩን ያዛባል።

ሰላሳ ፓውንድ የነበረው ሽንኩርት ሲቁላላ የት እንደገባ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል፤ አብዛኛው ውሃው በእንፋሎት ሄዷል። ይህን ጉድለት እንደ ቅቤው በድርሻ አካፍዬ ልጨምረው ሞክሬ ነበር፤ ስሕተት ነው። የመጨረሻውን ድስት ስለለካን የጠፋው ሁሉ በ9 ኳርቱ ውስጥ ተቆጥሯል፤ እንደገና ብናካፍለው ሁለት ጊዜ ማስከፈል ይሆናል። መላጥ ላይ የቀነሰውን የቆጠርነው ከጆንያው ምን ያህል እንደወጣ፣ ማለትም ስንት እንደተከፈለ ለማወቅ ብቻ ነው።

70.96 ለ288 ሲካፈል አንዱ አውንስ 24.6 ሳንቲም ነው። አክስቴ "አንድ ጭልፋ" የምትለው 6 አውንስ ነው፤ በዚያ መሠረት የሳህኑ ቁሌት 1.48 ይሆናል፤ 46 ሳህን ደግሞ 276 አውንስ ስለሚፈልግ ድስቱ በቂ ነው፣ ትንሽም ይተርፋል።

ግን አይተርፍም። አክስቴ ለወራት ስታማርር የነበረው ስለዚህ ነው፤ "ቅዳሜ ቅዳሜ ወጡ ያልቅና አሥር እግር ራቁቱን ይቀራል" ትላለች። መጀመሪያ ሽንኩርቱ ያንሳል ብላ ጠረጠረች፤ በኋላ ደግሞ ማታ የሚሠራውን ልጅ መጠርጠር ጀምራ ነበር። እኔ የእማማን ጭልፋ ውሃ ሞልቼ ማንቆርቆሪያ ላይ ገለበጥኩት። ስምንት አውንስ ነው። 288 ለ8 ሲካፈል 36 ሳህን፤ ከ46 እግር ላይ 36 ሲቀነስ አሥር። የጠፋ ነገር የለም፤ ልጁም አልበላም። ሁለት አውንስ ትርፍ በየሳህኑ እየሄደ ነበር። በ8 አውንስ የሳህኑ ቁሌት 1.97 ነው፤ ከታሰበው 49 ሳንቲም ይበልጣል። የተረፉት እግሮች በማግስቱ ድስት ስለሚገቡ የእነሱን ወጪ አልጨመርኩም፤ የሚጣሉ ቢሆን ኖሮ የዶሮውም ሒሳብ ይለወጥ ነበር።

በቁጥርና በጭልፋ የሚቀርቡትን ለይቶ ማስላት ይህን ጥቅም ይሰጣል። እግርና ወጥ አንድ ላይ ካላለቁ፣ ቀድሞ ያለቀው የትኛው እንደሆነ ብቻ ማየት ስሕተቱ የት እንዳለ ይናገራል። ወጡ ቀድሞ ካለቀ ጭልፋው ተልቋል ወይም ወጡ ከሚገባው በላይ ወፍሯል፤ እግሩ ቀድሞ ካለቀ ካርቶኑ ትላልቅ እግር ይዟል ወይም ብልት ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቀረው እንጀራ ነው፤ ለእኔ ያልጠበቅኩት እዚህ ነበር። አክስቴ ከጋጋሪ ትቀበላለች፤ አሥር እንጀራ 9.50፣ አንዱ 95 ሳንቲም። ሒሳቧ ላይ ሁለት እንጀራ ይላል፤ አንዱ ከሥር የሚነጠፈው፣ አንዱ ተጠቅልሎ በጎን የሚቀርበው። 1.90። ነገር ግን "እንጀራ ይጨመር?" የማይባልበት የሐበሻ ምግብ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለሦስት ቀን፣ ከዓርብ እስከ እሑድ፣ ቆጠርን። ዓርብ ጠዋት 60 እንጀራ ነበረ፣ 850 ገባ፣ እሑድ ማታ 42 ቀረ። የነበረውንና የገባውን ደምረን የቀረውን ስንቀንስ 868 ወጣ። በእነዚያ ቀናት የተሸጠው 310 ሳህን ነው። በሳህን 2.8 እንጀራ፤ በገንዘብ 2.66 ዶላር።

በዚህ ቁጥር ውስጥ የተጨመረው ብቻ አይደለም ያለው። የተቀደደው፣ ዳሩ የደረቀው፣ ሠራተኛ የበላው፣ ሁሉም አለ። ለዚያ ነው በየገበታው እየዞሩ ከመቁጠር ይልቅ የነበረ፣ የገባ፣ የቀረ ብሎ መቁጠር የሚሻለው፤ ማንም ሊደብቀውም ሊረሳውም አይችልም። ጉድለቱ ደግሞ ለሁሉም ምግብ አማካይ መሆኑ ነው። ጥብስ የሚያዝ ሰውና ዶሮ ወጥ የሚያዝ ሰው እኩል እንጀራ አይበሉም፤ ወጥ ያለበት ሳህን የበለጠ ሳይፈጅ አይቀርም። ለየብቻ ለማወቅ ለአንድ ሳምንት የሚጨመረውን በየትእዛዙ ላይ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያንን አላደረግንም።

አሁን ሳህኑን እናሟላ። እንጀራ 2.66፣ ቁሌት በእማማ ጭልፋ 1.97፣ ዶሮ 97 ሳንቲም፣ በጎን የሚቀርበው አይብና ሰላጣ 55 ሳንቲም (ይህም ደረሰኙ ላይ አልነበረም)፣ እንቁላል 30 ሳንቲም። ድምሩ 6.45። አክስቴ 3.56 ነው ያለችው። በዶሮ ስም የሚጠራው ሳህን ላይ ዶሮው ገና ሦስተኛ ነው፤ ከላይ ያለው እንጀራው ነው።

በሜኑዋ ላይ ዶሮ ወጥ 18 ዶላር ነው። 6.45 ለ18 ሲካፈል 35.8 በመቶ ይመጣል፤ እሷ 20 በመቶ እንኳ አይሞላም ብላ ነበር የምታስበው። ጭልፋው ወደ 6 አውንስ ቢመለስ 5.96 ዶላር ወይም 33.1 በመቶ ይሆናል። ምግብ ቤቶች ብዙ ጊዜ ከ28 እስከ 35 በመቶ ውስጥ ለመቆየት ይሞክራሉ፤ ስለዚህ 33 ምንም አይልም የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ በዚህ ብዙም አልስማማም። ያ ልማድ የመጣው ምግቡ በደቂቃዎች ከሚሠራበት ቤት ነው። የሳህን ወጪ የምንለው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው፤ 34 ፓውንድ ሽንኩርት የሚላጥበት፣ የሚከተፍበትና ሳያር እየታማሰለ የሚቁላላበት ሰዓት በውስጡ የለም። በ2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ዴንቨር ውስጥ 18.81፣ አውሮራ ውስጥ ደግሞ የክልሉ 14.81 ነበር። በኮልፋክስ ላይ የዮሰሚቲ ጎዳናን ስትሻገሩ ከተማው ይቀየራል፤ ሽንኩርቱን የሚያቁላላው እጅ በሰዓት የአራት ዶላር ልዩነት አለው። ስለዚህ ሁለት ቤቶች አንድ ዓይነት 33 በመቶ ይዘው አንዱ ሊያተርፍ፣ አንዱ ሊከስር ይችላል። ብዙ ሥራ የሚበላ ምግብ የዕቃ ድርሻው ዝቅ ማለት አለበት ባይ ነኝ።

ወደ ማኅበራችን ድግስ ልመለስ። በአክስቴ ሐሳብና በእውነቱ መካከል ያለው ልዩነት በሳህን 2.89 ነው፤ ለ80 ሰው 231.20 ዶላር። ደብተሩን ሳሳያት ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። "ለገንዘብ ያዡ ልደውልና 12 ነው ልበለው?" አልኳት። "አንዴ አሥር ብያለሁ፤ ልጆች ናቸው" አለችኝ። ዋጋው ካልተነካ የሚነካው ሳህኑ ነው። የ6 አውንስ ጭልፋ ገዛን (እማማ "ይኼ የሕፃን ነው" ብለው አኮረፉ)፤ እንጀራውም በሰው ሁለት ተቆጥሮ 160 እንዲሄድ ተስማማን። በዚህ መሠረት ሳህኑ 5.20 ይሆናል፤ ዶሮ 97፣ ቁሌት 1.48፣ እንቁላል 30፣ እንጀራ 1.90፣ አይብና ሰላጣ 55። ከ10 ዶላሩ 4.80 ይተርፋል፤ በ80 ሲባዛ 384 ዶላር፤ ከዚያ ላይ የእማማና የረዳቷ ቀን፣ ጋዙ፣ ሳህኑና ማመላለሻው ይከፈላል። ትርፍ ባይባልም ኪሳራ አይደለም።

የድግሱ ዕለት ከመኪናው ላይ ዕቃ ሳወርድ ከተቆጠረው 160 ሌላ በጨርቅ የተጠቀለለ 30 እንጀራ አገኘሁ። "ይህስ?" አልኳት። "እንጀራ አለቀ ተብሎ በኔ ስም እንዲወራ ነው?" አለች። ሁሉም ተበላ። በሳህን 36 ሳንቲም ነው፤ እሱንም ጻፍኩት፤ 5.56።

በሚቀጥለው ሳምንት ምግብ ቤት ስሄድ አዲሱ ጭልፋ ድስቱ ላይ ነበር። ቅዳሜ ማታ ከ46ቱ እግር የቀረው አንድ ነው፤ ወጡም ለእሱ የሚበቃ ነበረ። ማታ የሚሠራው ልጅ በላው፤ አክስቴ ራሷ ናት ያቀረበችለት፤ እንጀራም ጨመረችለት።